ስብሰባው ተዛውሯል፦ የዋትስአፕ ማስታወቂያ ለአባላት ሁሉ የሚደርሰው እንዴት ነው?

የእድር ወይም የማኅበር ስብሰባ መቀየሩን በዋትስአፕ ለአባላት ለማሳወቅ ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ አባላቱ ሁሉ የሚገኙበት ግሩፕ ነው፤ እዚያ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሁሉ ያየዋል። ሁለተኛው ብሮድካስት ነው። ጸሐፊው የአባላቱን ስም መርጦ ዝርዝር ያዘጋጃል፤ መልእክቱንም አንድ ጊዜ ብቻ ይጽፋል። መልእክቱ ግን ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው እንደ ተላከ ሆኖ ይደርሳል። ተቀባዩ ሌላ ማን እንደ ደረሰው አያይም፤ የሚሰጠውም መልስ ወደ ላኪው ብቻ ይሄዳል። በአንድ ዝርዝር እስከ 256 ሰው ማስገባት ይቻላል።

የቀንና የቦታ ለውጥን ለመንገር ብሮድካስት የሚመረጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። በግሩፕ ውስጥ ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ «እሺ»፣ «እግዚአብሔር ያክብርልን» የሚሉ መልሶች ይከተላሉ፤ በመካከል የለቅሶ ወይም የምሥራች ወሬ ይገባል። ማታ ስልኩን የሚከፍት አባል የመጨረሻዎቹን ጥቂት መስመሮች ብቻ አይቶ ያልፋል። የግሩፑን ድምፅ የዘጋም ብዙ ነው። በግል የመጣ መልእክት ግን በሌላው ወሬ አይሸፈንም።

ይሁን እንጂ ብሮድካስት አንድ ከባድ ገደብ አለው፤ መልእክቱ የሚደርሰው የላኪውን ቁጥር በስልካቸው መዝግበው ለያዙ ሰዎች ብቻ ነው። ላኪው የእነርሱን ቁጥር መያዙ አይበቃም። በእድር ይህ ችግር የሚያጋጥመው ብዙ ጊዜ ጸሐፊ ሲቀየር ነው፤ አባላቱ የያዙት የቀድሞውን ጸሐፊ ቁጥር ስለሆነ የአዲሱ ማስታወቂያ ወደ እነርሱ አይሄድም። ስለዚህ አዲስ ጸሐፊ በተመረጠበት ስብሰባ ላይ፣ አባላቱ ከአዳራሹ ሳይወጡ ቁጥሩን እንዲመዘግቡ ማድረግ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የመልእክቱ አጻጻፍ ነው። ለምሳሌ ለንደን ውስጥ 60 አባላት ያሉት አንድ እድር ጠቅላላ ስብሰባውን ለእሑድ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ጠርቶ ነበር እንበል። አዳራሹ ለሌላ ዝግጅት በመያዙ ስብሰባው ወደሚቀጥለው ቅዳሜና ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ማስታወቂያው እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ጤና ይስጥልን። *የእድራችን ስብሰባ ቀንና ቦታ ተቀይሯል።*
እሑድ ጥቅምት 9 (ኦክቶበር 19) ተብሎ የተነገረው *ቀርቷል*።
አዲሱ ቀን፦ *ቅዳሜ ጥቅምት 15 (ኦክቶበር 25)*
ሰዓት፦ አልተቀየረም፤ ከቀኑ 8 ሰዓት (በስልክ 14:00)
አዲሱ ቦታ፦ *የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ*፣ መግቢያው በጀርባ በኩል
ምክንያቱ፦ የቀድሞው አዳራሽ በዕለቱ በመያዙ
እባክዎ “ደርሶኛል” ብለው ይመልሱ።
የእድሩ ጸሐፊ፣ መስከረም 28»

በዚህ መልእክት ሰላምታው አጭር የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ስልኩ ሲጮህ በማያ ገጹ ላይ የሚታየው የመልእክቱ መጀመሪያ ብቻ ነው። ረጅም ሰላምታና የጤና ጥያቄ ከቀደመ ለውጡ ከእይታ ውጭ ይቀራል። በሁለት ኮከቦች መካከል የተጻፈው ቃል ደግሞ ሲላክ በደማቅ ፊደል ይወጣል።

የቀድሞው ቀን መቅረቱ በግልጽ መነገሩ ከአዲሱ ቀን የማይተናነስ ዋጋ አለው። «ስብሰባ ቅዳሜ ጥቅምት 15 ይካሄዳል» ብቻ ቢባል፣ የመጀመሪያውን ጥሪ ያስታወሰ አባል ሁለት ስብሰባ እንዳለ ሊረዳው ይችላል። ያልተለወጠውንም መናገር ይጠቅማል፤ ስለ ሰዓቱ ምንም ካልተባለ ቀኑና ቦታው ተቀይሮ ሰዓቱስ የሚል የስልክ ጥሪ ይበዛል።

በውጭ አገር ለሚኖሩ አባላት ትልቁ የስሕተት ምንጭ የዘመንና የሰዓት አቆጣጠር ነው። አንዳንዱ ኦክቶበርን በቀላሉ «ጥቅምት» ብሎ ይጠራል። «ጥቅምት 15» ብቻ የሚል ጽሑፍ ለእንዲህ ያለው አንባቢ ኦክቶበር 15 ይሆንበታል፤ በዚህ ምሳሌ አሥር ቀን ቀድሞ ይሄዳል ማለት ነው። «8 ሰዓት» የሚለውንም እዚያ ያደጉ ልጆች የጠዋት ስምንት አድርገው ለወላጆቻቸው ሊያነቡ ይችላሉ። የሁለቱን አቆጣጠር ቀን ጎን ለጎን ማስቀመጥና የሳምንቱን ዕለት መጨመር ስሕተቱን ያጋልጣል፤ ኦክቶበር 15 ረቡዕ ስለሆነ «ቅዳሜ» የሚለው ቃል አንባቢውን ቆም ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል።

ካርታ ሲላክም ጥንቃቄ ያሻል። ዋትስአፕ ቦታ ላክ ሲባል በቅድሚያ የሚያቀርበው ላኪው ያለበትን ቦታ ነው። ጸሐፊው ከቤቱ ሆኖ ያንን ከነካ ለአባላቱ የሚደርሳቸው የቤቱ አድራሻ ይሆናል። የአዳራሹን ስም ፈልጎ መምረጥ፣ ከመላኩም በፊት ነጥቡ ትክክለኛው ጎዳና ላይ መሆኑን ማየት ይገባል።

መልእክቱ ከተላከ በኋላ ስሕተት ከተገኘ ዋትስአፕ በ15 ደቂቃ ውስጥ ማረም ይፈቅዳል። ነገር ግን እርማቱ እንደ አዲስ መልእክት ስልኩን አያስጮኸውም፤ ቀድሞ ያነበበው ሰው የተሳሳተውን ይዞ ይቀራል። ለሌላ የተላለፈው ቅጂም አብሮ አይታረምም። ስለዚህ ቀን ወይም ቦታ የተሳሳተ እንደ ሆነ «እርማት» ብሎ የሚጀምር፣ ዝርዝሩን ሁሉ እንደ ገና የያዘ ሌላ መልእክት መላክ ይሻላል።

የመጨረሻው ሥራ ማን እንደ ደረሰው ማረጋገጥ ነው። አንድ ግራጫ ምልክት መልእክቱ ከላኪው ስልክ መውጣቱን፣ ሁለት ግራጫ ምልክቶች ተቀባዩ ስልክ መድረሱን፣ ሁለት ሰማያዊ መነበቡን ያሳያሉ። የላኩትን መልእክት ጫን ብሎ ይዞ መረጃውን በመክፈት ለማን እንደ ደረሰና ማን እንዳነበበው በስም ማየት ይቻላል። የማንበቢያ ምልክቱን የዘጋ ሰው ግን ቢያነብም ሰማያዊ አይታይበትም፤ «ደርሶኛል» የሚለው መልስ የተጠየቀው ለዚህ ነው።

በምሳሌው እድር በማግስቱ 41 አባላት መልሰዋል እንበል። 12ቱ ደርሷቸው ዝም ብለዋል፤ 7ቱ ደግሞ ደርሷል በሚለው ዝርዝር ውስጥ የሉም። ጸሐፊው መጀመሪያ የሚደውለው ለእነዚህ ሰባት ነው፤ ስልካቸው ተዘግቶ፣ ቁጥራቸው ተቀይሮ ወይም የጸሐፊውን ቁጥር ሳይመዘግቡ ቀርተው ይሆናል። ለዐሥራ ሁለቱ ከስብሰባው ሦስት ቀን በፊት አጭር ማስታወሻ ይላካል፤ ያን ጊዜም ካልመለሱ ይደወልላቸዋል። ዋትስአፕ ለማይጠቀሙ አረጋውያን በአቅራቢያቸው ያለ አባል ጽሑፉን ራሱን እንዲያነብላቸው ይደረጋል፤ በቃል የተላለፈ ወሬ ቀኑን ወይም ቦታውን በቀላሉ ይስታልና። በመጀመሪያው ቀን፣ እሑድ፣ አንድ ሰው ቀድሞ በታሰበው አዳራሽ በር ላይ ቢቆም ደግሞ መልእክቱ ያመለጠው አባል ከዚያው ይነገረዋል።