የተቆነጠጠ ቆዳ ምን ይመሰክራል?

የነርሲንግ ተማሪ የሚጽፈው የእንክብካቤ ዕቅድ አብዛኛውን ጊዜ በሰንጠረዥ ይቀርባል። ግምገማ፣ ዳያግኖሲስ፣ ድርጊት፣ ምዘና ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። እያንዳንዱ ዓምድ ለብቻው ሲነበብ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ አንዱ ሌላውን አለመጥራቱ ነው። ከአዋሽ ወደ ሰመራ በሚወስደው መንገድ፣ አዳይቱን በመሰለች ሞቃት ከተማ ያለ ጤና ጣቢያን የሚገጥም አንድ ኬዝ ወስደን እንየው። ኬዙ ለማስተማሪያ የተዘጋጀ እንጂ የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም።

ሕፃኑ 14 ወሩ ነው፤ 6 ኪሎ ይመዝናል። የክንዱ ዙሪያ 10.8 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ከ11.5 በታች መሆኑ ብቻ ከባድ የምግብ እጥረት አለበት ያሰኛል። እግሩ አላበጠም። ሁለት ቀን ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ይዞታል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ቆዳው ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ አይመለስም፣ ውሃ ሲሰጡት ይሻማል። የልብ ምቱ በደቂቃ 140፣ ትንፋሹ 38 ነው። እጁ ሞቃት ነው፤ ንቁም ነው።

ተማሪው እዚህ ላይ «የፈሳሽ እጥረት፤ ማስረጃው ቀስ ብሎ የሚመለስ ቆዳ» ብሎ ይጽፋል። ኬዙ የሚሰበረው እዚህ ነው። በምግብ እጥረት በከሳ ሕፃን ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ስላለቀ፣ ፈሳሽ ባይጎድለውም ቆዳው ይዘገያል። ዓይኑም ከበስተ ኋላው ያለው ስብ ሲያልቅ ይጎደጉዳል። ስለዚህ ሁለቱ ምልክቶች ክሳቱን እንጂ የፈሳሹን መጉደል ብቻቸውን አያስረዱም። የሚያስረዳው እናትየው «ዓይኑ እንዲህ የሆነው ከትናንት ወዲህ ነው» ማለቷ፣ ተቅማጡ በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ጥማቱና የልብ ምቱ ተደምረው ነው። አፋሮች በዳጉ ወሬ ሲቀባበሉ የሰማኸውን ነው ያየኸውን ብለው እንደሚለዩት ሁሉ፣ ነርሱም እናቲቱ ያየችውንና እሱ የለካውን ለይቶ ይጻፍ። በአስተርጓሚ ከተነጋገሩ ያስተረጎመው ማን እንደሆነም ይመዝገብ።

እንግዲህ ዳያግኖሲሱ «የፈሳሽ እጥረት፤ ከሁለት ቀን ተቅማጥ ጋር የተያያዘ፤ ማስረጃው በቅርቡ የጎደጎደ ዓይን፣ ጥማትና የፈጠነ የልብ ምት» ይሆናል። ይህ ዓረፍተ ነገር ቀጣዩን ድርጊት ራሱ ይመርጣል። ሕፃኑ ንቁ ነው፣ እጁም አልቀዘቀዘም፤ ሾክ ውስጥ ስላልገባ ግሉኮስ አይሰቀልለትም። በምግብ እጥረት የተዳከመ ልብ በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ ሊከብደው ይችላል፤ ሰውነቱም ሶዲየም ይይዛል። ስለዚህ የሚሰጠው ሪሶማል ነው፤ በሊትር 45 ሚሊሞል ሶዲየም ሲኖረው የተለመደው ኦአርኤስ ግን 75 አለው። መጠኑ በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ለዚህ ሕፃን በየግማሽ ሰዓቱ 30 ሚሊ ሊትር፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት በአፍ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ሪሶማሉ ከኤፍ-75 ወተት ጋር በየሰዓቱ እየተፈራረቀ ይቀጥላል።

ምዘናው ደግሞ ፈሳሹ ልቡን ይከብደው ይሆናል ከሚለው ፍርሃት ይነሳል። «ሕፃኑ ተሻሽሏል» ማለት አይበቃም። በየግማሽ ሰዓቱ የልብ ምትና ትንፋሽ ይቆጠራል፤ ምቱ በ25፣ ትንፋሹ በ5 ከጨመረ ፈሳሽ በዝቶበታልና ሪሶማሉ ይቆማል። በሁለተኛው ሰዓት ምቱ 126፣ ትንፋሹ 36 ሆኖ፣ ሸንቶ፣ ክብደቱ 6.1 ኪሎ ቢገኝ፣ ግቡ ወደ መሳካቱ ነው። ተቅማጡ ካልቆመ ግን «በከፊል ተሳክቷል» ተብሎ ይጻፋል፤ ለእያንዳንዱ ቀጭን ሰገራ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ሪሶማል ይጨመርለታል። በከፊል መሳካቱን ያልደበቀ ኬዝ፣ በእኔ ፍርድ፣ ሁሉም ነገር ከተሳካለት ኬዝ ይልቅ ይታመናል።

የምግብ እጥረቱም የራሱ ዳያግኖሲስ ይኖረዋል። ተማሪዎች ለምክንያቱ «ድርቅ» ወይም «ድህነት» ብለው ይጽፋሉ። እውነት ነው፤ ግን ነርስ ድርቅን አያክምም። ፍየሎቹ ወተት ሲነጥፍባቸው ሕፃኑ በውሃ የቀጠነ ወተት ብቻ ይጠጣ እንደነበር ቢጻፍ ግን ምክሩ ከዚያው ይወጣል። ቤተሰቡ ከብት ተከትሎ የሚንቀሳቀስ ከሆነም፣ «በየሳምንቱ ለፕላምፒ ነት ተመለሱ» የሚል መመሪያ ሊፈጸም አይችልም። ዕቅዱ በቀጣዩ ወር ወዴት እንደሚሄዱና በዚያ መንገድ ያለው ጤና ኬላ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ይህ ጥያቄ በግምገማው ላይ ከሌለ፣ መውጫው ላይ የሚጻፈው ቀጠሮ መሠረት የለውም፤ አስተማሪም ነጥብ ሊቀንስበት ይገባል።