ጨረታውን ያሸነፈው ዋጋ እና በመጨረሻ የሚከፈለው ዋጋ

በመንግሥት ግንባታ ላይ ለዓመታት መልስ ያጣ ጥያቄ አለ፤ በትንሹ ዋጋ የተሰጠ ሥራ ሲያልቅ ለምን ከሁሉም በላይ ውድ ሆኖ ይገኛል? አብዛኛው ሰው መልሱን በሙስና ወይም በዋጋ ንረት ይፈልጋል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ሆኖም ዋጋው የሚያብጥበት አንድ በር ተጫራቹ ካስገባው ሰነድ ውስጥ፣ በሕጋዊ መንገድ፣ ተከፍቶ ይቀመጣል። ይህን በር በደንብ ማየት ያስፈልጋል።

ሥራ ተቋራጩ በተለመደው አሠራር ሁለት የታሸጉ ፖስታዎች ያስገባል። ቴክኒካል ሰነዱ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ፣ የሥራ መርሐ ግብሩን፣ የመሐንዲሶቹን ሲቪ፣ የማሽነሪ ሊብሬ፣ ከዚህ በፊት ከሠራላቸው ባለቤቶች የተጻፈ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ማስረጃና ዓመታዊ የገንዘብ እንቅስቃሴውን ይይዛል። ፋይናንሺያል ሰነዱ ደግሞ በዝርዝር ሥራው ላይ የተሞላ ነጠላ ዋጋ ነው። በግንባታ ጨረታ ቴክኒካሉ ብዙውን ጊዜ የሚገመገመው «አልፏል» ወይም «ወድቋል» ተብሎ ነው። በጥንቃቄ የተዘጋጀ የአሠራር ዘዴና ከሌላ ፕሮጀክት ተገልብጦ የመጣ ሁለቱም ካለፉ እኩል ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚወስነው ዋጋ ብቻ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የተሠራበት አዋጅ ቁጥር 649/2001ም የተመሠረተው መስፈርቱን ካሟሉት መካከል ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን በመምረጥ ላይ ነበር።

አሁን ወደ ዋጋው እንግባ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው። የአንድ ሕንፃ መሠረት ቁፋሮ በዝርዝሩ ላይ 3,000 ሜትር ኩብ አፈርና 200 ሜትር ኩብ አለት ተብሎ ወጥቷል እንበል። የመጀመሪያው ተጫራች ለአፈሩ 350 ብር፣ ለአለቱ 1,000 ብር ሞላ፤ ድምሩ 1,250,000 ብር። ሁለተኛው ሳይቱን ዞሮ ሲያይ አለቱ ከላይ ቅርብ መሆኑን ከጎረቤት ጉድጓዶች ተረዳ። ለአፈሩ 150 ብር፣ ለአለቱ 3,000 ብር ሞላ፤ ድምሩ 1,050,000 ብር። በ200,000 ብር ስለሚያንስ አሸነፈ።

ቁፋሮው ሲጀመር አለቱ 1,500 ሜትር ኩብ፣ አፈሩ 1,700 ሜትር ኩብ ሆኖ ተገኘ። ውሉ በተለካ መጠን የሚከፈል ስለሆነ ክፍያው የሚሰላው በነጠላ ዋጋው ነው። ለአሸናፊው 4,755,000 ብር ይከፈላል። «ውድ ነው» ተብሎ የተሸነፈው ቢሠራው ኖሮ 2,095,000 ብር ይበቃው ነበር። ተቋራጩ አንድም ሰነድ አላጭበረበረም፤ ባለቤቱ የማያውቀውን የመሬቱን ጠባይ አወቀ እንጂ። አንዳንድ የውል ሁኔታዎች መጠን በብዙ ሲለወጥ አዲስ ነጠላ ዋጋ እንዲተመን ይፈቅዳሉ፤ ነገር ግን ያ ድርድር የሚጀመረው ማሽኑ ሳይት ላይ ከቆመ፣ ተቋራጩም የፈረመ ውል በእጁ ከያዘ በኋላ ስለሆነ የባለቤቱ አቅም ደካማ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ሰነድ የሚታወቀው ጠቅላላ ድምሩን በማየት አይደለም። ነጠላ ዋጋዎቹ ጎን ለጎን ተደርድረው ከመሐንዲሱ ግምትና ከሌሎቹ ተጫራቾች ጋር ሲነጻጸሩ ነው። አንዱ ሥራ ከገበያው ሦስት እጥፍ ሲሆን ጎረቤቱ ደግሞ ከግማሽ በታች ከወረደ ኮሚቴው የዋጋ ትንተና በጽሑፍ መጠየቅ አለበት፤ ስንት የጉልበት ሰዓት፣ ምን ማሽን፣ ምን ያህል ነዳጅ? ሌላው መልክ ደግሞ መጀመሪያ የሚሠሩትን ማስወደድ፣ መጨረሻ የሚሠሩትን ማርከስ ነው። ያ ተቋራጭ ገንዘቡን በቁፋሮና በኮንክሪት ጊዜ ስለሚወስድ፣ ልስንና ቀለም ላይ ሲደርስ ሥራው ቢጓተት ብዙም አይጎዳም። የዓለም ባንክ የጨረታ ሰነዶች እንዲህ ባለ ሁኔታ የአፈጻጸም ዋስትናው ከፍ እንዲል የሚጠየቅበትን መንገድ ይሰጣሉ።

ታዲያ ኮሚቴዎች ለምን አይጠይቁም? በእኔ ግምት ዋናው ምክንያት ፍርሃት ነው። ዝቅተኛውን ያለፈ የኮሚቴ አባል አቤቱታና የኦዲት ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ዝቅተኛውን የመረጠ ግን ፕሮጀክቱ ቢቆምም ማንም አይጠይቀውም። ይህ ሳይለወጥ ቴክኒካል ሰነድን በነጥብ እንመዝን ማለት ብቻ ውጤቱ ትንሽ ነው፤ ነጥብ ለመስጠትም ድፍረት ያስፈልጋልና።

ከኮሚቴው በፊት ግን ባለቤቱ የሚሠራው አለ። በምሳሌው ላይ 200 ሜትር ኩብ የሚለው ቁጥር የመጣው አፈሩ በበቂ ጉድጓዶች ሳይመረመር ነው። ጨረታው ከመውጣቱ በፊት የመሬት ምርመራው ተሠርቶ 1,500 ቢባል ኖሮ፣ በዚያው ነጠላ ዋጋ ሁለተኛው ተጫራች 4,755,000 ብር ይዞ ቀርቦ ገና ፖስታው ሲከፈት ይሸነፍ ነበር።