ፊትን አመድ የሚያስመስለው የፀሐይ መከላከያ ክሬም

ማድያት የወጣባት አንዲት ሴት የፀሐይ መከላከያ ክሬም እንድትቀባ በሐኪም ታዘዘላት እንበል። የገዛችው ክሬም ግን ጠይም ፊቷን አመድ የነካው አስመሰለባት። ስለዚህ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ የባቄላ ፍሬ የምታክል ብቻ ተቀብታ ትወጣለች። ከወራት በኋላም ማድያቱ አልለቀቀም።

ክሬሙ የማይሠራ ሆኖ አይደለም፤ መጠኑ አንሶ ነው። በማሸጊያው ላይ የሚታየው 30 ወይም 50 የሚል ቁጥር የተለካው በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊ ግራም ተቀብቶ ነው። ከዚያ ካነሰ መከላከያውም በእጅጉ ይቀንሳል። ለፊትና ለአንገት የሚበቃዎትን ለማወቅ በሌባ ጣትዎና በመሃል ጣትዎ ላይ ከሥር እስከ ጫፍ ክሬሙን በመስመር ያውጡ። ይህን ያህል ሲቀቡ ፊትዎ የሚነጣ ከሆነ ዓይነቱን መቀየር ይሻላል።

የክሬሙን ዓይነት ከይዘት ዝርዝሩ መለየት ይችላሉ። ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚል ካለበት ማዕድናዊ ነው። እነዚህ ነጭ የማዕድን ዱቄቶች ከቆዳ በላይ ተነጥፈው የሚታየውን ብርሃን ስለሚበትኑ በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ ነጭ ሆነው ይታያሉ። ወፈር ያሉና ለማዳረስ የሚያስቸግሩ ቢሆኑም፣ በቀላሉ ለሚቆጣ ቆዳ ይመረጣሉ።

አቮቤንዞንና ኦክቶክሪሊንን የመሳሰሉት ደግሞ ኬሚካላዊ ይባላሉ። ጨረሩን ውጠው ወደ ሙቀት ይለውጡታል። በአብዛኛው ቀጠን ያሉና ነጭ የማይተዉ በመሆናቸው ለዕለት ተዕለት አገልግሎት ይመቻሉ። ሆኖም ከላብ ጋር ዓይን ውስጥ ሲገቡ ሊያቃጥሉ፣ አንዳንዱንም ሰው ሊያሳክኩ ይችላሉ።

ማድያት ላለበት ሰው ግን ነጭ አለመተው ብቻውን አይበቃም። ማድያትን የሚያባብሰው የማይታየው ጨረር ብቻ ሳይሆን በዓይን የምናየው ብርሃንም ጭምር ነው፤ ቀለም አልባው ክሬም ደግሞ ይህን ብርሃን እምብዛም አያግድም። ብርሃኑን የሚያግደው አይረን ኦክሳይድ የተባለው ቡናማ ቀለም የተጨመረበት ክሬም ነው። ቀለሙ የማዕድኑን ነጭነትም ይሸፍናል። ስለዚህ ከላይ ላነሳናት ሴት የሚስማማት ከቆዳዋ ቀለም ጋር የሚቀራረብ ባለቀለም ክሬም ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ሙከራ የሚፈቅድ መደብር ካገኙ ጥቂት ክሬም አገጭዎ ጎን ላይ ይቀቡና ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደጅ ወጥተው በቀን ብርሃን በመስታወት ይመልከቱ። በመደብር መብራት ያልታየው ነጭነት ውጭ ይታያልና። ቤትዎ ሲቀቡም በአንድ ጊዜ ከመለቅለቅ ግማሹን ቀብተው፣ ጥቂት ቆይተው ቀሪውን ይድገሙ። ውጭ የሚውሉ ከሆነ ዓይነቱ የትኛውም ቢሆን በየሁለት ሰዓቱ እንደገና መቀባት አለብዎት፤ ባርኔጣና ጥላም አይርሱ።