በወር አንድ መጽሐፍ፦ ከገጽ ቆጠራ ወደ ክለሳ

በወር አንድ መጽሐፍ ለመጨረስ የሚነሣ ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ገጽ በማካፈል ነው። 360 ገጽ ያለውን መጽሐፍ ለ30 ቀን ሲያካፍለው በቀን 12 ገጽ ይደርሰዋል። ይህ ስሌት ግን ሁለት ነገሮችን ይዘነጋል፤ ሳይነበብባቸው የሚያልፉ ቀናት መኖራቸውንና ከተነበበውም ብዙው የሚረሳ መሆኑን። ይህ ጽሑፍ በየካ ክፍለ ከተማ የሚኖርን አንባቢ ለምሳሌ ወስዶ፣ ወሩ ለንባብም ለክለሳም እንዴት እንደሚደለደል ያስረዳል።

አንባቢው ኮተቤ ይኖራል፤ የሚሠራው አራት ኪሎ አካባቢ ነው እንበል። የመጀመሪያ ሐሳቡ በመንገድ ላይ ማንበብ ሊሆን ይችላል። ሆኖም የመገናኛ የታክሲ ሰልፍ አንድ ቀን ያጥራል፣ ሌላ ቀን ይረዝማል፤ ስለዚህ ለልማድ መነሻ የሚሆን ቋሚ ምልክት አይሰጥም። ቢሮ ገብቶ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት፣ ወይም ከእራት በኋላ ያለው ጊዜ የተሻለ ነው፤ በየቀኑ ከአንድ የታወቀ ድርጊት ቀጥሎ ይመጣልና። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቻቸው በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ድርጊት ልማድ እስኪሆን ድረስ የሚወስደው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን እንደሆነ ገምተዋል። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንደማያፈርስም አሳይተዋል። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት መጻሕፍት በጥረት እንጂ በልማድ እንደማይነበቡ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳይ መርሳት ነው። ብዙ አንባቢ ያነበበው ሲጠፋው ገጹን መልሶ ያነባል። መልሶ ማንበብ ጽሑፉን የለመድነው ያስመስለዋል፤ ሲያዩት ማወቅና ሳያዩ መናገር ግን የተለያዩ ናቸው። ሮዲገርና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ አንዳንዶቹን ምንባቦች ተማሪዎች ደግመው አነበቧቸው፤ ሌሎቹን ደግሞ አንዴ አንብበው ያስታወሱትን ሳያዩ ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግሞ ማንበብ በልጦ ታየ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ውጤቱ ተገለበጠ፤ ደግመው ካነበቡት 42 በመቶ ያህሉን፣ ሳያዩ ከጻፉት 56 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። የቃል ትምህርት በጽሑፍ ሳይሆን ለመምህር በቃል በማሰማት የሚመዘነው በአብነት ትምህርት ቤቶች መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

በዚህ መሠረት የአንባቢያችን ወር እንዲህ ይደለደላል። በ24 ቀናት በቀን 15 ገጽ ያነባል፤ ድምሩ 360 ይሆናል። በ20 ደቂቃ 10 ገጽ የሚያነብ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፤ ፍጥነቱን ግን በራሱ መጽሐፍ መለካት አለበት። ንባቡን ሲጨርስ መጽሐፉን ዘግቶ ለሦስት ደቂቃ ያህል የሚያስታውሰውን ይጽፋል። ከቀሩት ስድስት ቀናት አራቱ በየሳምንቱ መጨረሻ ለክለሳ ይውላሉ፤ ሁለቱ ለጎደለ ቀን መጠባበቂያ ናቸው።

መጽሐፉ የአዲስ አበባን አመሠራረት የሚተርክ ይሁን። በእሑድ ክለሳ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ሲወጣ አንባቢው መጽሐፉን ሳይዝ ራሱን ይጠይቃል፦ የዐፄ ምኒልክ መቀመጫ ከዚህ ኮረብታ ወደ ፍልውሃ አካባቢ ለምን ወረደ? የእንጦጦ ብርድና የማገዶ እጥረት ትዝ ይሉታል እንበል። ቤቱ ተመልሶ ከመጽሐፉ ጋር ሲያመሳክር እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. በፍልውሃ አጠገብ ቤት ማሠራታቸውን እንደዘለለ ያያል። የጎደለውን በማስታወሻው ላይ ያክላል፤ በሚቀጥለው እሑድም የሚጀምረው ከዚያው ነው። «ይህንንማ አውቀዋለሁ» የሚለው ስሜት መልሱን ገጹን ካየ በኋላ ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ ነገሩ ገና አልተያዘም ማለት ነው።

ዘዴው ወሰን አለው። ሙከራው የተደረገው በአጫጭር ምንባቦች ነው፤ ላሊ የተከታተሏቸው ሰዎችም እንደ መብላት፣ መጠጣትና የአካል እንቅስቃሴ ያሉ ቀላል ድርጊቶችን ነበር የመረጡት። ለደስታ የሚነበብ ልብ ወለድ በየቀኑ ጥያቄ አያሻውም። በሒሳብና በሠንጠረዥ የተሞላ መጽሐፍ ደግሞ በቀን 15 ገጽ ላይሄድ ይችላል፤ ያን ጊዜ መቀነስ ያለበት የገጹ ቁጥር እንጂ የክለሳው ቀን አይደለም።

የእኛ የዘመን አቆጣጠር ለዚህ ሥራ አንድ ተጨማሪ ዕድል ይሰጣል። እያንዳንዱ ወር 30 ቀን ስለሆነ ድልድሉ ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም። ጳጉሜን አዲስ መጽሐፍ ለመጀመር አጭር ናት፤ የዓመቱን አሥራ ሁለት መጻሕፍት ከእያንዳንዳቸው ምን እንደቀረ ሳያዩ ጽፎ ከማስታወሻ ጋር ለማመሳከር ግን አምስቱ ቀናት ይበቃሉ።