መሶቡ ሁለት ኪሎ፣ ሂሳቡ አሥራ ሦስት

ቤቷ ሆና መሶብ እየሰፋች ለውጭ አገር ደንበኞች የምትሸጥ ባለሙያ ትልቁ ኪሳራዋ የሚመጣው ከማጓጓዣው ነው። ፈጣን መልእክት አድራሾች ብዙውን ጊዜ ከሚዛኑና ከካርቶኑ ስፋት የሚበልጠውን ያስከፍላሉ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የካርቶኑ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ5000 ይካፈላል። እያንዳንዱ ጎኑ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን 12.8 ይመጣል። በውስጡ ያለው መሶብ ሁለት ኪሎ ቢሆንም ሂሳቡ የ13 ኪሎ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመለጠፍ በፊት ዕቃውን አሽጎ ካርቶኑን መለካት ይገባል። ክዳኑን ገልብጦ ወደ ውስጥ ማስገባት ከተቻለ ቁመቱም ሂሳቡም ይቀንሳል።

ቀጥሎ ቀረጥ አለ። አሜሪካ እስከ 800 ዶላር ለሚያወጡ ዕቃዎች ትሰጠው የነበረውን ነፃ መብት ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አቋርጣለች። ይህ ካልተነገረው ገዢው በሩ ላይ ክፍያ ሲጠየቅ ዕቃውን አልቀበልም ሊል ይችላል። ስለዚህ ከዋጋው አጠገብ «የመድረሻ አገር ቀረጥ በዋጋው ውስጥ የለም፤ የሚከፍለው ገዢው ነው» ተብሎ ይጻፍ። የተሸጠን ዕቃ «ስጦታ» ብሎ ማስመዝገብ ግን ሐሰተኛ መግለጫ ነው፤ ዕቃውን ሊያስይዝ ይችላል።

የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን፣ ዋጋውን በዶላር ለጥፉ፤ የብሩን ተመን ካሳያችሁም የየትኛው ቀን እንደሆነ ጻፉበት።