ጀርመን ለማስተርስ፦ ከነፃው ትምህርት ጀርባ ያለው ሂሳብ

ጀርመን ትምህርት ነፃ ነው ሲባል የሰማ ሰው ለቪዛ የሚጠየቀውን ገንዘብ ሲያይ ይደነግጣል። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አለመጠየቃቸው እውነት ነው። ቪዛ ለማግኘት ግን የአንድ ዓመት መኖሪያ ገንዘብ አስቀድሞ ማሳየት ግድ ነው። ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መጠኑ 11,904 ዩሮ ነው።

ይህ ገንዘብ የተማሪው የራሱ ነው። «ብሎክድ አካውንት» ውስጥ ይገባና ጀርመን ሲደርስ በየወሩ 992 ዩሮ ይለቀቅለታል። ቪዛ ቢከለከል ይመለስለታል። የባንክ ማስተላለፊያ ከላዩ ተቆርጦ ጥቂት ዩሮ ቢጎድል ግን ሂሳቡ አልሞላም ተብሎ ማረጋገጫው ይዘገያል፤ ስለዚህ ጨመር አድርጎ መላክ ይሻላል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ከአካውንቱ ውጭ የሚወጣውን ነው። የመጀመሪያው ወር 992 ዩሮ አይበቃውም፤ አከራይ እስከ ሦስት ወር የቤት ኪራይ የሚደርስ መያዣ ሊጠይቅ ይችላል።

እንበል አንዲት የአዲስ አበባ ተመራቂ ሽቱትጋርት ልትማር አሰበች። ይህች ከተማ የምትገኝበት ባደን ቩርተምበርግ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጡ ተማሪዎች በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። በዩኒ-አሲስት በኩል ለሦስት ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ 135፣ ቪዛ 75፣ የሴሚስተር መዋጮ 200 ገደማ፣ አውሮፕላን 600 ብንይዝ፣ ወር 350 ለሚከራይ ክፍል ደግሞ መያዣው 1,050 ቢሆን ድምሩ 3,560 ዩሮ ነው። ከአካውንቱ ጋር 15,464 ይሆናል። ቤተሰብ 9,000 ቢችል፣ ጉድለቱ 6,464 ነው፤ መነሻዋ ከዓመት ተኩል በኋላ ከሆነ በየወሩ 359 ዩሮ ያህል ማስቀመጥ አለባት። ክፍያ የማይጠየቅበት ክፍለ ሀገር ብትመርጥ ግን ወርሃዊው ወደ 276 ይወርዳል። ለእኔ ከቁጠባ ይልቅ የከተማ ምርጫ ይቀድማል።

ጉድለቱን በዩሮ መቁጠር ያስፈለገውም በምክንያት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በብር ብቻ ያጠራቀመ ሰው ዒላማው በእጥፍ ገደማ ራቀበት።

ጀርመን የሚኖር ዘመድ ገቢው ከፈቀደ በአገሩ መሥሪያ ቤት ቀርቦ ወጪውን እሸፍናለሁ ብሎ ቢፈርም፣ አካውንቱ ላያስፈልግ ይችላል። ይህ ፊርማ ሕጋዊ ዕዳ ስለሆነ ዘመድን ሳያስረዱ መጠየቅ አይገባም።

ማስተርስ ሁለት ዓመት ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ሲታደስ የገንዘብ ማስረጃው ዳግም ይጠየቃል። ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን መሥራት ቢፈቀድለትም ሥራው ከመገኘቱ በፊት ቪዛ አይሰጥበትም። ማመልከቻ ከመላክዎ በፊት የሁለተኛውን ዓመት ገንዘብ ከየት እንደሚያመጡ ይጻፉ።