ልጁን ያቃተው ሒሳቡ ነው ወይስ ንባቡ?

በየማኅበረ ምእመናኑ ልጆችን የምታስጠኑ አገልጋዮችና የፕሮጀክት ሠራተኞች ብዙ ጊዜ የሚገጥማችሁ አንድ ችግር አለ። ልጁ ማባዛትና መቀነስ ያውቃል፤ ነገር ግን ስሌቱ በዓረፍተ ነገር ተጽፎ የቃላት ፕሮብሌም ሆኖ ሲቀርብለት ግራ ይገባዋል። ለአራተኛ ክፍል ልጆች እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀረበ እንበል።

«በአንድ ባለ 6 ፎቅ ሆቴል ውስጥ በእያንዳንዱ ፎቅ ከሚገኙት 24 የመኝታ ክፍሎች 10ሩ ለእድሳት በመዘጋታቸው እንግዶችን ለማስተናገድ ዝግጁ የሆኑት ክፍሎች ብዛት ስንት ነው?»

ልጁ ቢሳሳት፥ በመጀመሪያ ቃላቱን ትታችሁ ቍጥሮቹን ብቻ ስጡት፤ 24 × 6 ስንት ነው? ከ144 ላይ 10 ሲቀነስስ? ሁለቱንም በትክክል ከሠራ ችግሩ ስሌቱ አይደለም። እንግዲያው ጥያቄው ራሱ ይመርመር።

በአማርኛ ግሥ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ገላጭ ቃላትም ሁሉ ከስሙ በፊት ይደረደራሉ። ስለዚህ ልጁ ስለ ሆቴሉ፥ ስለ ፎቁ፥ ስለ ክፍሉና ስለ እድሳቱ ያነበበውን ሁሉ በአእምሮው ተሸክሞ እስከ ዓረፍተ ነገሩ ፍጻሜ ይጓዛል። ፊደል እየቈጠረ የሚያነብ ልጅ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። ሆቴል ገብቶ የማያውቅ ልጅ ደግሞ ያነበበውን በዓይነ ኅሊናው ሊያይ አይችልም። ከዚህም በላይ ጥያቄው አሻሚ ነው። የተዘጉት በጠቅላላው 10 ክፍሎች ከሆኑ መልሱ 134 ነው፤ በየፎቁ 10 ከሆኑ ግን 84 ነው። አዋቂም ቢሆን ይጠራጠራል።

አሁን ቍጥሮቹንና ስሌቱን ሳንለውጥ እንደ ገና እንጻፈው።

«አስቴር 6 ቅርጫት እንቁላል ወደ ገበያ ወሰደች። በእያንዳንዱ ቅርጫት 24 እንቁላል አለ። መንገድ ላይ በጠቅላላው 10 እንቁላል ተሰበረ። ያልተሰበረው እንቁላል ስንት ነው?»

እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ ነገር ብቻ ይናገራል። ነገሩ የተጻፈው በተፈጸመበት ቅደም ተከተል ነው፤ ጥያቄውም ለብቻው በመጨረሻ ቆሟል። ልጁ ግን አሁንም ማባዛትና መቀነስ እንዳለበት ራሱ መወሰን አለበት።

ልጁ አሁንም ቢሳሳት የት እንደ ቆመ ማወቅ ይቻላል። አን ኒውማን የተባሉት የአውስትራሊያ ተመራማሪ በ1977 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ዘዴ አምስት ደረጃዎች አሉት። ልጁን በተራ እንዲህ በሉት፦ ጥያቄውን አንብብልኝ። ምን እንደሚጠይቅ በራስህ አነጋገር ንገረኝ። መልሱን ለማግኘት ምን ታደርጋለህ? እየሠራህ አሳየኝ። መልሱን ጻፍልኝ። ማንበብ ካቃተው እናንተ አንብቡለት፤ ከዚያ በኋላ በትክክል ከሠራ የሚያስፈልገው የንባብ ልምምድ ነው። አንብቦ ምን እንደተጠየቀ መናገር ካልቻለ ግን እንቅፋቱ የቃሉ ትርጕም ወይም የታሪኩ እንግድነት ነው። በተለይ በቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልጅ በዚህ ደረጃ ላይ ሊቆም ስለሚችል፥ ጥያቄውን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ንገሩትና ልዩነቱን ተመልከቱ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ንባቡን ማቅለል ማለት ማሰቡን ማስቀረት አይደለም። «ቀረ» የሚል ቃል ባየ ቍጥር እንዲቀንስ የለመደ ልጅ ማንበብ ያቆማል። ይህን ተመልከቱ፦ «ዳዊት ለእኅቱ 8 ብርቱካን ሰጠ። 5 ብርቱካን ቀረው። በመጀመሪያ ስንት ብርቱካን ነበረው?» ቃላቱ ቀላል ናቸው፤ ቃሉን ብቻ አይቶ የሚቀንስ ልጅ ግን 3 ይላል። ታሪኩን ያስተዋለ ልጅ ደምሮ 13 ይላል። እንዲህ ያሉትን ከሌሎቹ ጋር ቀላቅላችሁ አቅርቡ።

የታወቀ ነገርም እንደየአገሩ ይለያያል። በወይና ደጋ ጤፍ፥ በእንሰት አገር ቆጮ፥ በአርብቶ አደሩ ዘንድ ፍየልና ግመል ይሻላል። ጣሳና ቁና ግን መጠናቸው ከገበያ ገበያ ስለሚለያይ ለመቍጠር እንጂ ወደ ኪሎ ለመለወጥ አትጠቀሙባቸው።

የመልመጃ ወረቀቱን ከማባዛታችሁ በፊት ጥያቄውን ለአንድ ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ አንብቡለት፤ ከዚያም ወረቀቱን ሳያይ ታሪኩን መልሶ ይንገራችሁ። መንገር ካልቻለ የሚታረመው ጥያቄው ነው።